ፎርማቲቭ ወይስ ሰማቲቭ? የትኛውን ውጤት ለየትኛው ውሳኔ እንያዝ

ውድ ወላጆች፣

የሪፖርት ካርድ ቤት ሲደርስ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ድምሩ ነው። ቀጥሎ ወደ ደረጃው። ከዚያ ካርዱ ይፈረምና ይመለሳል። በመሃል ያሉት «የሂደት ምዘና»፣ «ፎርማቲቭ»፣ «ተከታታይ ምዘና»፣ «ማጠቃለያ»፣ «ሰማቲቭ» የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ ሳይነበቡ ይቀራሉ። አይፈረድም። ቃላቱን የምንጽፈው እኛ መምህራን ነን፤ የምናብራራቸው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ነገር ግን ከካርዱ በኋላ የምትወስኑት ነገር አለ። አስጠኚ ይቀጠር ወይስ አይቀጠር? ልጁን እናመስግነው ወይስ እንቆጣው? በየቀኑ ያለችን ግማሽ ሰዓት በምን ላይ ትዋል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መስመር የተለያየ ነው። ለአንዱ የሚጠቅመው ቁጥር ሌላው ላይ ሊያሳስት ይችላል። ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት የትኛውን መስመር መቼ እንደምታዩ ለማሳየት ነው።

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

ፎርማቲቭ የምንለው ምዘና ትምህርቱ ገና እየተካሄደ ሳለ የሚደረግ ነው። በካርድ ላይ የሂደት ምዘና ተብሎም ይጻፋል። የሚመልሰው ጥያቄ «ልጁ አሁን የት ደርሷል? ቀጥሎ ምን ይደረግለት?» የሚል ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል በቁራጭ ወረቀት የሚያሠራው አንድ ሒሳብ፣ ታርሞ የሚመለስ የቤት ሥራ፣ አስተያየት ተጽፎበት እንደገና የሚጻፍ ድርሰት እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሰማቲቭ ወይም የማጠቃለያ ምዘና ደግሞ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ይመጣል። ምዕራፉ ተዘግቷል፣ ተርሙ አልቋል። ጥያቄው «በመጨረሻ ምን ያህል ያዘ?» ይሆናል። የተርም መጨረሻ ፈተና፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ ብሔራዊ ፈተና ከዚህ ወገን ናቸው።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚህ ተነስቶ «ትንሿ ኩዊዝ ፎርማቲቭ፣ ትልቁ ፈተና ሰማቲቭ» ብሎ ይይዘዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱን ስያሜዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቀው ማይክል ስክሪቨን የሚባል የምዘና ምሁር ነው። እሱ የተናገረው ስለ ተማሪ ፈተና አልነበረም። የትምህርት ፕሮግራሞች እንዴት ይገምገሙ በሚል ጉዳይ ላይ ነበር የሚጽፈው። ፕሮግራሙ ገና እየተሠራ ሳለ ለማሻሻል የሚደረግ ግምገማ አለ፤ ካለቀ በኋላ ዋጋውን ለመመዘን የሚደረግ ግምገማ አለ። ብዙም ሳይቆይ ቤንጃሚን ብሉም የተባለ የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ሐሳቡን ወደ ተማሪዎች ትምህርት አመጣው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ልዩነቱ ያለው በዓላማው ላይ እንጂ በወረቀቱ ላይ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። አሥር ጥያቄ ያለው አንድ ኩዊዝ እንውሰድ። መምህሩ አርሞ አየው። ግማሹ ክፍል ጥያቄ 7ን ስቷል። በማግሥቱ ያንኑ ነገር በሌላ መንገድ ደግሞ አስተማረ፤ ልጆቹም የሳቱትን እንደገና ሠሩ። ይህ ኩዊዝ ፎርማቲቭ ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ ያው ወረቀት ታረመ፣ ማርኩ መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ በማግሥቱ ወደሚቀጥለው ርዕስ ታለፈ። ይህኛው ትንሽ ሰማቲቭ ፈተና ሆነ ማለት ነው። ጥያቄዎቹ አንድ ናቸው። የተለየው ከውጤቱ በኋላ የተደረገው ነገር ነው።

«ተከታታይ ምዘና» የሚለውን በጥንቃቄ አንብቡት

በካርዱ ላይ ከሁሉም የበለጠ የሚያደናግረው ይህ መስመር ይመስለኛል። ተከታታይ ምዘና ማለት ምዘናው በተርሙ ውስጥ ተደጋግሞ ተደርጓል ማለት ብቻ ነው። ፎርማቲቭ ነው ማለት አይደለም። አምስት ኩዊዝ ተሰጥቶ፣ አምስቱም ተደምረው ከ40 ቢያዙ፣ በመሃል ግን ማንም ተመልሶ ስህተቱን ባያርም፣ ልጁ የተፈተነው በአንድ ትልቅ ፈተና ፋንታ በአምስት ትናንሽ ፈተናዎች ነው።

ይህ ምንም አይጠቅምም ለማለት አይደለም። ፍርዱን በአንድ ቀን ላይ ብቻ ከመጣል ይሻላል። ልጁ በፈተናው ቀን ቢታመም ሌሎቹ ውጤቶች ይይዙታል። ነገር ግን «ተከታታይ ምዘና 31/40» የሚል ቁጥር ስታዩ «መምህሩ ልጄን በየሳምንቱ እየተከታተለ ሲያስተካክለው ነበር» ብላችሁ አትደምድሙ። ቁጥሩ ብቻውን ያንን አይነግራችሁም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ደብተሩን ክፈቱ። ከካርዱ ይልቅ ደብተሩ ይናገራል። መጀመሪያ የምትፈልጉት ከ«✗» አጠገብ የተጻፈ ነገር ነው። «ጎበዝ» ወይም «በርታ» የሚለው ለልብ ጥሩ ነው፤ ለሥራው ግን የሚጨምረው ነገር የለም። «ታህቶቹን እኩል ሳታደርግ ደምረሃል» የሚል ካለ ግን መምህሩ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አይቷል። ቀጥሎ ልጁ ከዚያ አስተያየት በኋላ ያደረገው ነገር አለ ወይ ብላችሁ ተመልከቱ። ያው ሒሳብ ወይም የሚመስለው ሌላ ሒሳብ ከስር እንደገና ተሠርቷል? ካልተሠራ አስተያየቱ ተጽፎ ቀርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁሌም የማነሳው አንድ ጥናት አለ። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ነው። ተማሪዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ በሥራቸው ላይ አስተያየት ብቻ ተሰጣቸው። ሁለተኞቹ ማርክ ብቻ። ሦስተኞቹ ማርክም አስተያየትም። በቀጣዩ ሥራቸው የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ተማሪዎች ግን፣ ሰው እንደሚጠብቀው የበለጠ አልተጠቀሙም፤ የሆኑት ማርክ ብቻ እንዳገኙት ነው። ማርኩ ካለ ልጁ ማርኩን አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል፤ አስተያየቱ ጋ አይደርስም። ከዚህ በኋላ ልጃችሁ ማርክ የሌለበት፣ በጽሑፍ አስተያየት ብቻ የተመለሰ ወረቀት ይዞ ቢመጣ መምህሩ ሰንፎ ነው አትበሉ። ምናልባት ሆን ብሎ ነው።

ሁለት ልጆች፣ ተቀራራቢ ድምር

አሁን ለምሳሌ ያዘጋጀሁላችሁን የሁለት ልጆች ውጤት አብረን እንይ። ትምህርቱ ሒሳብ ነው፣ ምዕራፉ ክፍልፋይ። በአምስት ሳምንት አምስት ኩዊዝ ተሰጥቷል፤ እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል። መጨረሻ ላይ ከ100 የሚታረም ፈተና አለ። ትምህርት ቤቱ ኩዊዞቹን ከ40፣ ፈተናውን ከ60 ይይዛል።

ልጅቷ ያመጣችው፦ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 9። ፈተና 82።

ልጁ ያመጣው፦ 9፣ 8፣ 8፣ 7፣ 6። ፈተና 68።

እንደምር። የልጅቷ አምስት ኩዊዞች 31 ከ50 ናቸው። ከ40 ሲሰላ 24.8 ይሆናል። ፈተናዋ ከ60 ሲሰላ 49.2 ነው። ድምር 74። የልጁ ኩዊዞች 38 ከ50 ናቸው፤ ከ40 ሲሰላ 30.4። ፈተናው ከ60 ሲሰላ 40.8። ድምር 71.2።

ካርዱ ላይ 74 እና 71 ብቻ ተጽፎ ይመጣል። ሁለት ተመሳሳይ ልጆች ይመስላሉ። ከኋላ ያሉት ታሪኮች ግን ተቃራኒ ናቸው። አንዷ ከታች ተነስታ ወጥታለች። አንዱ ከላይ ጀምሮ እየወረደ ነው።

የልጅቷን 3 እንመልከት። የመጀመሪያው ሳምንት ርዕስ ክፍልፋዮችን ማወዳደር ነበር። ልጅቷ ከ1/3 እና ከ1/4 ትልቁ 1/4 ነው ብላ ነበር፤ ምክንያቱም 4 ከ3 ይበልጣል። ይህ ብዙ ልጅ ላይ የሚታይ ስህተት ነው። መምህሩ ያንን አይቶ በሥዕል ደግሞ አሳያት። ከዚያ በኋላ ገባት። አሁን 1/4 ያንሳል፤ ለምን እንደሚያንስም ታስረዳለች። ይሁን እንጂ ያ 3 አልጠፋም። አሁን የምታውቀውን ነገር አምስት ሳምንት በፊት ስላላወቀች ድምሯን ወደ ታች ይጎትተዋል። ኩዊዞቹ ለማስተማሪያ ብቻ ውለው ማርካቸው ባይያዝ ኖሮ ካርዷ ላይ የሚጻፈው 82 ነበር። የልጁ ደግሞ 68። ልዩነቱ ከ3 ወደ 14 ይሰፋል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የፎርማቲቭ ውጤትን ከድምር የሚያስወጡት በዚህ ምክንያት ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለመማር እየሞከረ ያለን ልጅ በሙከራው ማርክ መቀነስ፣ ያልገባውን እንዲደብቅ ያስተምረዋል። ይሁን እንጂ የሌላው ወገን ክርክርም እውነት አለው። ማርክ ከሌለው ኩዊዝን ከምር የማይወስዱ ተማሪዎች አሉ። የልጃችሁ ትምህርት ቤት የትኛውን እንደሚከተል ጠይቁ። ሳታውቁ የሁለት ትምህርት ቤት ካርዶችን ብታወዳድሩ የማይወዳደር ነገር ነው የምታወዳድሩት።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ካርዱ ላይ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለምና። 71 አለፈ፣ ተፈረመ፣ ተረሳ።

ከ9 ወደ 6 የወረደው ለምንድን ነው? ሰነፈ ለማለት አትቸኩሉ። በየሳምንቱ ርዕሱ ተቀይሯል። መጀመሪያ ማወዳደር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ታህታቸው እኩል የሆኑ ክፍልፋዮችን መደመር መጣ። በሦስተኛው አቻ ክፍልፋዮች፣ ማለትም 1/2 እና 2/4 እኩል መሆናቸውን ማወቅ። በአራተኛውና በአምስተኛው ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር። የልጁ ውጤት የወረደው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። አምስተኛውን ኩዊዝ ስንከፍት የሳታቸው አራት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው። 1/2 + 1/3 ሲባል 2/5 ብሏል። ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ ጋር ደምሮ። አራቱንም እንደዚያው።

ይህ መልካም ዜና ነው ብል አትገረሙ። ልጁ አራት ነገር አልሳተም። አንድ ነገር ነው አራት ጊዜ የሳተው። ያ አንድ ነገር ከተስተካከለ 6 የነበረው 10 ሊሆን ይችላል። 68 የሚለው የፈተና ውጤት ይህንን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ክፍተት መኖሩን ብቻ ነው። ክፍተቱ የት እንዳለ የሚያሳየው በደብተሩ ውስጥ ያለው የአምስተኛ ሳምንት ኩዊዝ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «1/2 ነበረህ። ሌላ ተጨመረልህ። 2/5 ሆነ። 2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» በአስርዮሽ ካሰላው 0.4 እና 0.5 ይመጣለታል። ተጨምሮ አነሰ! ልጁ ራሱ እዚህ ላይ ይነቃል። ከዚያ የጋራ ታህት ይፈልግ። 1/2 ማለት 3/6 ነው፣ 1/3 ማለት 2/6 ነው፣ ድምሩ 5/6። ሦስተኛ ሳምንት ላይ 8 አምጥቷልና አቻ ክፍልፋይ ያውቃል። የጎደለው ያንን ለመደመር እንደሚጠቀምበት ማየት ነው። በየቀኑ ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ሒሳቦች በቂ ናቸው። ሙሉ ምዕራፉን ከሀ እስከ ፐ ማስደገም ጊዜ ማባከን ይሆናል።

ይህ ካልተደረገስ? ሰማቲቭ ፈተና በር ይዘጋል። ፈተናው አልፏል፣ ክፍሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ ሄዷል፣ ወደዚህ የሚመለስ የለም። ክፍልፋይ መቀነስ ሲመጣ ግን ያው የጋራ ታህት ይፈለጋል። ልጁ እዚያም ይወድቃል፤ ያኔም «ሒሳብ አይሆንለትም» ይባላል።

ለየትኛው ውሳኔ የትኛውን?

በዚህ ሳምንት በምን እናግዘው የሚል ጥያቄ ካላችሁ ካርዱን አስቀምጡና ወደ ደብተሩና ወደ ኩዊዞቹ ሂዱ። ፎርማቲቭ መረጃ ለዚህ ነው የተሠራው። ድምሩ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

ክፍል ማለፍና መድገም፣ ትምህርት ቤት መቀየር፣ የትምህርት መስክ መምረጥ ከሆነ ጉዳዩ ሰማቲቭ ውጤትን ያዙ። ለዚህ ደግሞ የአንድ ተርም ሳይሆን የብዙ ተርም። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነበር፣ ማንም አላገዘውም፣ በአንድ መለኪያ ታርሟል። ፎርማቲቭ ውጤት ይህ የለውም። አንዱ ልጅ ኩዊዙን በመምህሩ ፍንጭ ሠርቶ ይሆናል፤ ለመማር ጥሩ ነው፣ ለማወዳደር ግን አይሆንም።

አስጠኚ መቅጠር ላይ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ግን ከሂደቱ ጀምሩ። እንደ ልጅቷ እየወጣች ያለች ልጅ ድምሯ ዝቅ ቢልም አስጠኚ ላያስፈልጋት ይችላል፤ የክፍሉ ትምህርት እየሠራላት ነው። እንደ ልጁ እየወረደ ያለ ግን ስህተቱ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ አጭር እገዛ ይበቃዋል። በየርዕሱ የተበታተነ ስህተት ካለና ፈተናውም ዝቅ ካለ፣ ያኔ ረዘም ያለ እገዛ አስቡ። ለአስጠኚው ካርዱን ብቻ አትስጡት። ኩዊዞቹን ስጡት። ካርዱን ብቻ ያየ አስጠኚ ከምዕራፍ አንድ ከመጀመር ሌላ ምርጫ የለውም።

ልጁን ስለ ውጤቱ ስታናግሩትም ልዩነቱን ጠብቁ። በፎርማቲቭ ኩዊዝ 3 ያመጣ ልጅ መቆጣት የለበትም። ኩዊዙ የተሰጠው ያልገባውን ፈልቅቆ ለማውጣት ነው፤ አወጣውም። ከተቆጣችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ከጎኑ ካለው ልጅ ይገለብጣል። 9 ያመጣል። መምህሩም 9ኙን አይቶ ያልፈዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ልመና አለኝ። የቤት ሥራውን አስተካክላችሁ አትላኩልን። አውቃለሁ፣ ከፍቅር ነው። ልጁ ስህተት ይዞ እንዳይሄድ ትፈልጋላችሁ። ግን እኛ የቤት ሥራውን የምናርመው ያልገባውን ለማየት ነው። እናትና አባት ያስተካከሉት ደብተር 10/10 ሆኖ ሲመጣ እኛ «ገብቶታል» ብለን እናልፋለን። ስህተቱ የሚወጣው በፈተናው ቀን ነው፤ ያኔ እናንተ የላችሁም። አስረዱት፣ አብራችሁ አስቡ፣ ሌላ ምሳሌ ስጡት። ካልቻለ ግን ባዶውን ወይም ስህተቱን ተዉትና ጎኑ ላይ «እዚህ ጋ ተቸግሯል» ብላችሁ ጻፉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ለመምህሩ ከሙሉ ማርክ ትበልጣለች።

ቁጥሮቹ እስከ የት ይታመናሉ?

ባለ አሥር ጥያቄ ኩዊዝ ላይ አንድ ጥያቄ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ8 ወደ 7 መውረድ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ልጁ ቸኩሎ ይሆናል፣ ጥያቄውን አሳስቶ አንብቦ ይሆናል። ሦስትና ከዚያ በላይ ኩዊዞች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ነው ማየት የሚገባው። የእኛ ልጅ 9፣ 8፣ 8 ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር። 7 እና 6 ሲጨመሩበት፣ በተለይ ደግሞ ስህተቶቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ነገሩ ይለያል።

የተርም ፈተናም የራሱ ገደብ አለው። ተርሙን ሙሉ የተማሩት ሁሉ በአንድ ፈተና ውስጥ አይገባም፤ የተመረጡ ጥያቄዎች ናቸው። ልጁ ያጠናው ቦታ ከመጣ ከፍ ይላል፣ ካልመጣ ዝቅ። በዚያ ላይ የዚህ ተርም ርዕስና ያለፈው ተርም ርዕስ አንድ አይደሉም። ባለፈው ተርም 78 አምጥቶ አሁን 74 ካመጣ «ወረደ» ለማለት አይበቃም። ርዕሱ ከብዶ ይሆናል፣ ፈተናው ከብዶ ይሆናል።

ደረጃን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር። 5ኛ ወጣ ማለት ከእሱ በላይ አራት ልጆች አሉ ማለት ነው። ምን እንደሚያውቅ አይናገርም። ክፍሉ በሙሉ ክፍልፋይ መደመር ባይገባው እንኳ አንድ ልጅ 1ኛ መውጣቱ አይቀርም። ከደረጃው ይልቅ በመስፈርት የተጻፈውን መስመር ፈልጉ፤ «ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ይደምራል፦ ገና» የሚል ዓይነት። ሁሉም ካርድ ላይ አይኖርም። ካለ ግን ከካርዱ ሁሉ ጠቃሚው መስመር እሱ ነው።

መምህሩን ስታገኙ

የወላጆች ቀን ላይ ለእያንዳንዱ ወላጅ የሚደርሰው ጊዜ አጭር ነው። «ልጄ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ማንበብ አለበት» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ መልሱም ሰፊ ይሆናል። ይልቅ የሚከተሉትን ጠይቁ።

«ከኩዊዞቹ ውስጥ ደጋግሞ የሳተው ምንድን ነው?» ይህ ጥያቄ መምህሩን ከማርክ መዝገቡ ወደ ወረቀቶቹ ይመልሰዋል። ወዲያው ባያስታውስ አይክፋችሁ፤ በአንድ ክፍል ብዙ ልጅ አለ። ኩዊዞቹን ይዛችሁ ሂዱና አብራችሁ እዩ።

«ይህ ውጤት ድምሩ ውስጥ ይገባል ወይስ ለክትትል ብቻ ነው?» መልሱ 3 ስታዩ ምን ያህል መጨነቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

«የተርም ፈተናው ወረቀት ይመለሳል?» ከሦስቱ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። የተርም ፈተና ሰማቲቭ ነው ብለናል። ወረቀቱ ታርሞ ከተመለሰ፣ ልጁም የሳተውን ተቀምጦ እንደገና ከሠራው፣ ያው ፈተና ለሚቀጥለው ተርም ፎርማቲቭ ይሆናል። ብዙ ቦታ ማርኩ ብቻ ይነገርና ወረቀቱ መጋዘን ይገባል። ወረቀቱን መስጠት የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ልጃችሁ በየትኞቹ ርዕሶች ላይ ማርክ እንደጎደለው መምህሩ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ሁለት መስመር ይበቃል። ዕረፍቱ ሳያልቅ በእነዚያ ርዕሶች ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ስጡት። የሠራበትን ወረቀት በተርሙ የመጀመሪያ ሳምንት ደብተሩ ውስጥ አድርጋችሁ ላኩልን፤ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።